«ነካሁት» ላለ ተማሪ ስንት ይሰጠዋል?

በ2018ቱ የሩሲያ የዓለም ዋንጫ ሴኔጋል ከምድቧ እንዴት እንደወደቀች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጃፓንና ሴኔጋል በነጥብም፣ በጎል ልዩነትም፣ ባገቡት ጎልም እኩል ሆኑ። እርስ በርስ ሲጫወቱም 2 ለ 2 ነበር የተለያዩት። ስለዚህ ቢጫ ካርድ ተቆጠረ። ጃፓን 4፣ ሴኔጋል 6። ጃፓን አለፈች።

እኔን ግን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያሉት የመጨረሻ ደቂቃዎች ናቸው። ጃፓኖች በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመሩ ኳሷን ከኋላ መስመራቸው ወዲያና ወዲህ ይሏት ጀመር። በሌላው ሜዳ ኮሎምቢያ ሴኔጋልን እየመራች ነው። ውጤቱ እንዲሁ ከቆየ በካርድ ብልጫ ያልፋሉ። ተመልካቹ ያፏጫል፣ እነሱ ኳስ ይቀባበላሉ። ሕግ አልጣሱም። ፌር ፕሌይ ተብሎ የተጻፈው ሕግ ግን ቡድኑ ጨዋታውን እንዲተው አደረገው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ ሕግ የሚቆጥረው ጥፋትን ብቻ ነው። ጥፋት ከሌለህ ጥሩ ነህ ይልሃል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነኝ። በየትምህርት ቤቱ እጅ በእጅ የሚዞረው የስፖርታዊ ጨዋነትና የቡድን ሥራ መመዘኛም ከዚህ አይሻልም። አብዛኛው እንዲህ ይላል። በጣም ጥሩ፦ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ተባብሮ ይጫወታል፣ ሕግ ያከብራል። ጥሩ፦ አብዛኛውን ጊዜ ተባብሮ ይጫወታል፣ ሕግ ያከብራል። መካከለኛ፦ አንዳንድ ጊዜ። ደካማ፦ አልፎ አልፎ። አራት ደረጃ ይመስላል እንጂ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚለወጠው «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ይህን ሰንጠረዥ በእውነት ለመጠቀም መቁጠር አለብህ። ተማሪው ስንት ጊዜ የመተባበር ዕድል አገኘ? ከዚያ ውስጥ ስንቱን ተጠቀመበት? 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን የሚቆጥር መምህር የለም። ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቁጭ ብለን በትዝታ እንሞላዋለን። የተጣላውን እናስታውሰዋለን፣ ከ10 6 ይሰጠዋል። ሌላው በሙሉ 8 ወይም 9 ነው። ሜዳው ጥግ ላይ ቆማ ኳስ እንኳ ያልነካችው ልጅም 9 ታገኛለች፣ ምክንያቱም አላስቸገረችንም።

ለ9ኛ ክፍል በጋራ የምንጠቀምበት ሩብሪክ፣ ማለትም የመመዘኛ ሰንጠረዥ፣ እንድናዘጋጅ ስንጠየቅ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር የተስማማነው መጀመሪያ በዚህ ነው። ቃላቱን ከመጻፋችን በፊት የሚታይ ነገር የሚፈጥር ጨዋታ እንምረጥ አልን። መረብ ኳስን መረጥን።

ለምን መረብ ኳስ? አንደኛ፣ ተጫዋቹ ብቻ የሚያውቀው ጥፋት በየደቂቃው ይከሰታል። ኳስ ብሎክ ያደረገውን፣ ማለትም መረቡ ጋ ዘሎ በእጁ ሊያግዳት የሞከረውን ልጅ ጣት ጫፍ ነክታ ከወጣች ነጥቡ የተቃራኒው ነው። ሳትነካው ከወጣች ደግሞ የእሱ ቡድን ነጥብ ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱን የሚያውቀው ባለ ጣቱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ትብብሩ በሕጉ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ኳሷን ሁለት ጊዜ አከታትሎ መንካት አይችልም፤ ቡድኑ ያለው ሦስት ንክኪ ነው። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ ልጅ አምስት ሰው አልፎ ሊያገባ ይችላል። እዚህ አይሆንለትም።

ሙሉ 6 ለ 6 ግን አይሠራም። የሜዳው ግማሽ ሐውልት ይሆናል። 4 ለ 4 ነው የሚሻለው። በሁለት ምሰሶ መካከል ረጅም ገመድ ተወጥሮ ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ሜዳ ይሰመራል። የመረቡ መደበኛ ከፍታ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። እኛ ወደ 2 ሜትር አወረድነው። አጭር ልጅም ዘሎ ብሎክ ማድረግ ካልቻለ የብሎክ ንክኪ የለም፤ ንክኪ ከሌለ ደግሞ የሚመዘን ሐቀኝነት የለም። ሰርቭ ከታች ወደ ላይ በእጅ፣ ቀረብ ካለ ቦታ። ኃይለኛ ሰርቭ ከፈቀድክ ኳሷ ሁለተኛ ሰው ጋ ሳትደርስ ነጥቡ ያልቃል፣ አንተም ባዶ ወረቀት ይዘህ ትመለሳለህ።

ዋናው ነገር ዳኛ የለም። መምህሩም አይዳኝም። ፊሽካ በአፍህ ካለ ልጆቹ ለራሳቸው አይፈርዱም፣ አንተን ነው የሚያዩት። ያለ ዳኛ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። አልቲሜት የሚባለው የፍሪስቢ ጨዋታ በዓለም ሻምፒዮና እንኳ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚዳኙበት ነው። ከጨዋታ በኋላ ቡድኖቹ አንዱ ሌላውን በአምስት መስፈርት፣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 4 ይመዝናሉ። ከዚያ የወሰድኩት አንድ ሐሳብ አለ። 2 ማለት «ደህና፣ እንደማንኛውም ሰው» ማለት ነው። እኛ አገር ማርክ ከላይ ጀምሮ ይቀነሳል። እዚያ መሐል ላይ ይጀመራል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ለመሄድ የታየ ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ደረጃ ነው የጻፍነው። ባልደረባዬ አራት ደረጃ ይሁን ብሎ ነበር። እኔ ግን ሜዳ ዳር ቆሜ 3ን ከ4 በሁለት ሴኮንድ መለየት እንደማልችል ስለማውቅ አልተስማማሁም። የመጀመሪያው ረድፍ የራስን ጥፋት ስለመናገር ነው። እንዲህ ይነበባል።

1፦ ሌሎች በግልጽ ያዩትን ንክኪ ወይም መረብ መንካት ሲጠየቅ ይክዳል።
2፦ ሲጠየቅ ያምናል።
3፦ ሳይጠየቅ ይናገራል።

«ታማኝ ነው» የሚል ቃል የለበትም። ልቡ ውስጥ ያለውን አላውቅም። እጁን ሲያነሳ ወይም ሳያነሳ ግን አያለሁ።

ሩብሪኩን ወደ ክፍል ከመውሰዳችን በፊት ሁለታችን አንድ ሜዳ ዳር ቆመን ስምንት ልጆችን ለየብቻ መዘንን። ሳንነጋገር፣ ወረቀታችንን ሳንተያይ። ከዚያ አስተያየን። ይህን ሥራ የሚዘል ሰው ሩብሪክ ጻፍኩ ባይል ይሻለዋል። ወረቀት ላይ ግልጽ የመሰለን ነገር ሜዳ ላይ ምን ያህል ደብዛዛ እንደሆነ የሚታየው እዚህ ነው።

አንድ ረጅም ልጅ ነበር። ጨዋታው እስከ 15 ነው፣ ውጤቱ 14 ለ 13፣ የሚመራው የእሱ ቡድን። ተቃራኒው ስማሽ መታ፣ ልጁ ዘለለ፣ ኳሷ ወደ ኋላ ወጣች። የእሱ ቡድን በደስታ ጮኸ፣ አለቀ መስሏቸው። ከማዶ አንዱ «ኧረ ነክታሃለች!» አለ። ልጁ እጁን አነሳ። «አዎ፣ ነካሁት።» 14 ለ 14።

እኔ 3 ሰጠሁት። በዚያ ውጤት ላይ፣ ጓደኞቹ እየጨፈሩ፣ ያንን መናገር ቀላል አይደለም ብዬ። ባልደረባዬ 2 ሰጠው። «ተጠይቆ እኮ ነው» አለኝ። ተከራከርን። እኔ «ከማዶ ጮኹ እንጂ አልጠየቁትም» አልኩ። እሱም «ባይጮኹስ ይናገር ነበር?» አለ። ይህን ማናችንም አናውቅም።

በመጨረሻ ያሸነፈው የእሱ ሐሳብ ነው፤ የሚታየውን ብቻ እንመዝን ካልን የሚታየው ቅደም ተከተሉ ነው። ሦስተኛው ደረጃ እንዲህ ተስተካከለ፦ «ተቃራኒው ቡድን ከመናገሩ በፊት ወይም የራሱ ቡድን ነጥቡን ከመቁጠሩ በፊት ራሱ ይናገራል።» ልጁ 2 ሆነ። ቅር ብሎኛል፣ አሁንም። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ሌላ መምህር ፊት ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ ያው 2 ያገኛል። የጋራ ሩብሪክ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ልዩነታችን የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነው። ይህ ረድፍ ስለ ቡድን ሥራ ነው። ቡድን ሲያሸንፍ ሁሉም ይተቃቀፋል፤ ያ ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ አንድ ልጅ ከሳተ በኋላ የምትመጣው ቀጣይ ኳስ ናት። እዚያ ላይ ዓይንህን ትከል። ሌሎቹ ቦታቸው ላይ ይቆያሉ ወይስ ይገቡበታል?

አንዲት ልጅ ሰርቭ ስትቀበል ኳሷ ወደ ጎን ፈነጠረች። ቀጣዩም ሰርቭ ወደ እሷ መጣ። የቡድኑ ጎበዝ ተጫዋች ከአጠገቧ ሮጦ ፊቷ ገባና በሚገርም ሁኔታ አነሳው። ነጥቡንም አገኙ። ባልደረባዬ 3 ጻፈ፤ «ጓደኛውን ሸፈነላት፣ ቡድኑን አዳነ።» እኔ 1 ጻፍኩ። ልጅቷ እጇን አዘጋጅታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ኳሶች እጇን ማዘጋጀት ተወች።

ባልደረባዬ ግን መከራከሪያ ነበረው። በመረብ ኳስ ጥሩ ተቀባይ ሰፊ ቦታ መያዙ ስህተት አይደለም። ትልልቅ ቡድኖች ሊቤሮ የሚባል ተጫዋች የሚያሰልፉት ለዚሁ ነው። ደካማውን መደበቅ ስልት ነው። ታዲያ ስልትን ከንጥቂያ የሚለየው ምንድን ነው? ብዙ ካወራን በኋላ ያገኘነው መልስ ንግግር ነው። ከሰርቩ በፊት «ይቺን እስከዚህ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ትንሽ ወደ ኋላ» ከተባለ የቡድን ውሳኔ ነው። ኳሷ አየር ላይ እያለች «የኔ!» ተብሎ ከተጠራም ያስኬዳል። ዝም ብሎ ፊቷ መግባት ግን ኳስ መውሰድ ነው። ረድፉ እንዲህ ሆነ።

1፦ ጓደኛው ከሳተ በኋላ ይቆጣል ወይም ሳይናገር ኳሱን ይወስድበታል።
2፦ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ለጓደኛው ግን ምንም አያደርግም።
3፦ ቦታ በንግግር ያስተካክላል፣ ከኋላ ይሸፍናል ወይም ኳሱ የማን እንደሆነ ይጠራል።

ይህን ስንጽፍ ያልጠበቅነው ጥቅም ተገኘ። ቴክኒክ የሌላት ልጅም 3 ማግኘት ትችላለች። «የኔ!» ወይም «ያንተ!» ለማለት ስማሽ ማወቅ አያስፈልግም። በድሮው መመዘኛ የቡድን ሥራ ማርክ የሚወስዱት ያው ጎበዞቹ ነበሩ፤ ኳስ እነሱ ጋ ስለሚበዛ ዓይናችንም እነሱ ጋ ስለሚበዛ። ይህን መፈተሽ ቀላል ነው። የክህሎት ማርኩንና የፌር ፕሌይ ማርኩን ጎን ለጎን አስቀምጥ። በክህሎት የመጀመሪያዎቹ አሥር በፌር ፕሌይም የመጀመሪያዎቹ አሥር ከሆኑ ሩብሪክህ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እየለካ ነው። የወንዶችና የሴቶችንም አማካይ እንዲሁ ተመልከት።

ሦስተኛው ረድፍ ጭቅጭቅ ሲነሳ ስለሚሆነው ነው። ጨዋታውን አስቁሞ የሚጮህ 1 ያገኛል። ሌሎች እስኪፈቱት የሚጠብቅ 2። «ይደገም» የሚል ወይም በቅርብ ያየውን ጠይቆ ጨዋታውን የሚያስቀጥል 3። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝምተኛው 2 ነው እንጂ 3 አይደለም። ብዙ መምህር እዚህ ይከፋዋል። ዝም ያለ ልጅ ሰላማዊ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ጓደኛው የሐሰት ነጥብ ሲቆጥር አይቶ ዝም ካለ ለተቃራኒው ቡድን ምን አደረገለት?

ትጋትን ሆን ብለን አላስገባንም። «በሙሉ ኃይሉ ይሳተፋል» የሚል ረድፍ ጥሩ ይመስላል። ግን ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅና ረመዳን ላይ ውኃ ያልቀመሰች ልጅ ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደሚዘሉ መመዘን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጨዋታ በኋላ መጨባበጥንም አወጣነው። ሁሉም ይጨባበጣል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ማንንም ከማንም አይለይም።

ጊዜውስ? ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ልብስ ሲቀየር፣ ሲሰለፉ፣ ሲያሟሙቁ ጥሩ ሆኖ 25 ደቂቃ ይቀራል። በዚያ ውስጥ ሁለት ሜዳ በየተራ፣ ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ ያህል ማየት ይቻላል። 4 ለ 4 ስለሆነ በክፍለ ጊዜ 16 ልጅ ነው። 60ውን ለማዳረስ አራት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ሌሎቹን በዚያ ቀን አታያቸውም፣ ማየትም የለብህም። ዓይንህ ከተበተነ የምትጽፈው ያው ትዝታህን ነው። ተራቸውን የሚጠብቁት ነጥብ ይይዛሉ፣ ኳስ ያመጣሉ።

በ12 ደቂቃ ብሎክ ያላደረገ ልጅ ይኖራል። የመናገር ዕድል ስላላገኘ ማርክ አይቀነስበትም። ሳጥኑ ላይ ሰረዝ ይደረጋል፣ «አልታየም» ማለት ነው። እዚህ ላይ ከአልቲሜቱ ልማድ ተለየሁ፤ ያላየሁትን ልጅ መሐል ላይ አላስቀምጠውም። ማርኩ የሚሠላው ከታዩት ረድፎች አማካይ ነው። ለምሳሌ አንዷ በቡድን ሥራ 3፣ በጭቅጭቅ 2 አግኝታ በንክኪው ሰረዝ ካላት አማካይዋ 2.5 ነው። ከ3 ወደ 10 ሲቀየር 8.3 ይመጣል። ሁለት ሰረዝ ካለ ግን ማርክ አይሞላም፣ ልጁ እንደገና ይታያል። ይህ ሥራ ያበዛል፣ አዎ።

ሩብሪኩን ለተማሪዎቹ አስቀድመን አነበብንላቸው። አንዳንድ መምህራን ይህን አይወዱም፤ «ካወቁማ ያስመስላሉ» ይላሉ። ያስመስሉ። 14 ለ 13 ላይ ለማርክ ብሎ «ነካሁት» ያለ ልጅ ያው ነጥቡን ለተቃራኒው ሰጥቷል፤ ጓደኞቹም ፊታቸውን አጥቁረውበታል። ማስመሰሉ ዋጋ ያስከፍለዋል። ችግር የሆነው ሌላ ነው፣ አስቂኝም ነው። ወረቀት ይዤ ስጠጋ ግማሽ ሜትር ከራሱ በላይ ላለፈች ኳስ እጁን የሚያነሳ ተገኘ። «ቲቸር፣ ነካሁት!» ጓደኞቹ ሊበሉት ደረሱ። ከዚያ ወዲህ አንደኛው ሜዳ ዳር ቆሜ ሁለተኛውን አያለሁ። ኑዛዜም አልቆጥርም። ደረጃው የሚወሰነው በብዛት ሳይሆን እውነተኛ ንክኪ ሲኖር በሚያደርገው ነው።

ተማሪዎች እርስ በርስ ይመዛዘኑ የሚል ሐሳብም ነበር። ቁጥር እንዲሰጡ ማድረግ እንደማይሆን ወዲያው ታየ። ጓደኛ ለጓደኛ 3፣ ላኮረፉት 1። ቁጥሩን ትተን አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲመልሱ አደረግን፦ «ዛሬ ከተቃራኒው ቡድን ማን ምን ሲያደርግ አየህ?» ስምና ድርጊት። «ኳሱ መስመር ላይ ነው ያረፈው፣ የእናንተ ነው አለን» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ማርክ አይሆንም። ሰረዝ ያለበት ልጅ ስም በዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ከመጣ ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አሁን ያልተስማማንበት አንድ ረድፍ ቀርቷል፤ ተቀያሪ ሆኖ ነጥብ የሚይዘው ልጅ። ባልደረባዬ እሱም ይመዘን ይላል። ለራሱ ጓደኞች አንድ ነጥብ ጨምሮ የጻፈ ልጅ ከካደው ብሎከር በምን ይሻላል? እውነቱን ነው። ግን እሱን ለማየት ዓይኔን ከሜዳው ማንሳት አለብኝ፣ ያኔ ደግሞ ብሎኩ ያመልጠኛል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለቱም ሜዳ የየራሱን ነጥብ በትልቁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንዲጽፍ ልናደርግ ነው፤ ቢያንስ ተቃራኒው ቡድን ራሱ ያየዋል።